የሥጋ ግዢ ስሌት

የሥጋ ግዢ ስሌት አጥንት፣ ስብና ጅማት ከወጡ በኋላ በቂ ሥጋ እንዲቀር ስንት ኪሎ መግዛት እንደሚገባ የሚታወቅበት ዘዴ ነው። ከተገዛው ኪሎ ውስጥ ለምግብ የሚውለው ክፍል እዚህ ላይ የተጣራ ድርሻ ይባላል። 5 ኪሎ ተገዝቶ 4 ኪሎ ንጹሕ ሥጋ ከወጣው ድርሻው 0.80 ወይም 80 በመቶ ነው። የሚገዛው መጠን የሚገኘው የሚፈለገውን ንጹሕ ሥጋ ለዚህ ድርሻ በማካፈል ነው።

የተለመደው ስሕተት

ብዙ ደጋሽ ተቀናሹን በሚፈልገው መጠን ላይ ይደምራል። 12 ኪሎ ንጹሕ ሥጋ ያስፈልጋል፣ ከሚገዛው ደግሞ 30 በመቶው አጥንትና ስብ ሆኖ ይወጣል እንበል። የ12 ኪሎ 30 በመቶ 3.6 ስለሆነ 15.6 ኪሎ ይገዛል። ይህ ሥጋ ሲጸዳ ግን 30 በመቶው የሚቀነሰው ከ12ቱ ሳይሆን ከ15.6ቱ ነው፤ የሚቀረውም 10.9 ኪሎ ብቻ ነው። ትክክለኛው 12 ÷ 0.70 ሲሆን ውጤቱ 17.1 ኪሎ ይሆናል። ተቀናሹ ትንሽ ሲሆን ልዩነቱ አይታወቅም፤ አጥንት የበዛበት ሥጋ ላይ ግን ድግሱን ያጎድላል።

ድርሻው ከምግቡ ጋር ይለዋወጣል

ለሁሉም የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። ለክትፎ የሚፈለገው ቀይ ሥጋ ነው፤ ስቡ ይወጣል፣ ጅማቱና ስስ ሽፋኑ ይገፈፋል፣ ቅባቱን የሚሰጠው ንጥር ቅቤው ነው። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት ገበታ ግን ጮማው ራሱ የሚፈለግ ስለሆነ እንደ ተቀናሽ ሊቆጠር አይገባም፤ ሻኛ የሚጠይቅ ሰው ስቡን ሊጥል አይጠይቅም። ለቅቅልም አጥንቱ ድስት ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ያው አንድ ብልት ለክትፎ ዝቅ ያለ፣ ለጥሬ ሥጋ ከፍ ያለ፣ ለቅቅል ደግሞ ወደ ሙሉው የተጠጋ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ለክትፎ የተሰላ ቁጥር ይዞ ለቅቅል መግዛት ትርፍ ያስገዛል፤ ግልባጩ ያሳፍራል።

ድርሻውን በእርግጠኝነት የሚያሳውቀው ሙከራ ነው። ከሚገዛበት ሥጋ ቤት፣ ከሚፈለገው ብልት 2 ወይም 3 ኪሎ ተገዝቶ ለምግቡ በሚሆነው መንገድ ይጸዳል፤ ንጹሑ፣ አጥንቱ፣ ስቡና ጅማቱ ለየብቻ ይመዘናሉ። የአራቱ ድምር ከተገዛው ክብደት ጋር በግራሞች ልዩነት መግጠም አለበት። ሰፋ ያለ ክፍተት ከታየ ወይ ሚዛኑ ተዛብቷል፣ ወይ ሥጋው ብዙ ፈሳሽ ለቋል። ሚዛኑን ለመፈተሽ አንድ ሊትር ውኃ ይበቃል፤ ዕቃው ተለይቶ ተመዝኖ ሲቀነስ 1 ኪሎ መምጣት አለበት። የሚያጸዳው እጅም ለውጥ ያመጣል፤ ጅማት ሲገፍፍ ቀይ ሥጋ አብሮ የሚነሳ ከሆነ ጥፋቱ የቢላው እንጂ የብልቱ አይደለም።

ምሳሌ፦ ለ80 እንግዳ ክትፎ

ለአንድ ሰው 120 ግራም ንጹሕ ሥጋ ቢታሰብ 9.6 ኪሎ ያስፈልጋል። በሙከራ ከኋላ እግር የተገዛ 3 ኪሎ ሥጋ 2.4 ኪሎ ንጹሕ፣ 350 ግራም ስብ፣ 250 ግራም ጅማትና ሽፋን ወጣው እንበል። ድርሻው 0.80 ነው፤ ግዢውም 9.6 ÷ 0.80፣ ማለትም 12 ኪሎ ይሆናል። ክትፎ ጥሬውን ወይም ለብ ብሎ ስለሚቀርብ ለእሳት የሚታሰብ ተቀናሽ እምብዛም የለበትም።

ጥብስ ላይ ግን ሁለተኛ ተቀናሽ ይመጣል። ቀይ ሥጋ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ በእሳት ላይ ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ክብደቱን ሊያጣ ይችላል። ሁለቱ ድርሻዎች ይባዛሉ፤ 0.80 የተጣራ፣ 0.75 ከጠበሱ በኋላ የሚቀር ከሆነ በሳህን ላይ የሚደርሰው 0.60 ነው። በወጥ ላይ ይህን መቀነስ አያስፈልግም ማለት ይቻላል፤ ሥጋው የሚለቀው ውኃ መረቁ ውስጥ ይቀራል፣ እንግዳውም በእንጀራ ያወጣዋል። አንድ ሰው ይህን ያህል ይበላል የሚለው ግምት በጥሬ ክብደት ይሁን በበሰለ አስቀድሞ መለየት አለበት፤ ሁለቱ ሲደባለቁ አንዱ ተቀናሽ ሁለቴ ይቆጠራል ወይም ጨርሶ ይዘለላል።

አጥንት ተቀናሽ ነው?

እዚህ ላይ ሁለት አቆጣጠር አለ። የመጀመሪያው ወጥ ቤቶች የሚመርጡት ሲሆን ወደ ወጡ የማይገባን ሁሉ ኪሳራ ያደርጋል። በዚህ መንገድ የሁለት ሥጋ ዋጋ የሚነጻጸረው ለአንድ ንጹሕ ኪሎ ነው። ለማሳያ ብቻ፣ ከነአጥንቱ በኪሎ 700 ብር የሚሸጥ ሥጋ የተጣራ ድርሻው 0.65 ቢሆን ንጹሑ ኪሎ 1,077 ብር ያወጣል። አጥንት የሌለው በ950 ብር ተሸጦ ድርሻው 0.90 ቢሆን ንጹሑ ኪሎ 1,056 ብር ነው። ርካሹ ተወደደ ማለት ነው።

ሁለተኛው አቆጣጠር ይህን ይቃወማል። አጥንቱ ለመረቅ የሚቀቀል ከሆነ፣ ወይም ያው አጥንት ለብቻው ይገዛ ከነበረ፣ ዋጋው ከሥጋው ሒሳብ ላይ መነሳት አለበት ይላል። በምሳሌው ከአንድ ኪሎ 250 ግራም አጥንት ይወጣ፣ የአጥንት ዋጋም በኪሎ 100 ብር ይሁን። 25 ብር ይመለሳል፤ ቀሪው 675 ብር ለ0.65 ሲካፈል 1,038 ብር ይመጣል፤ ከነአጥንቱ የተሸጠው እንደገና ይረክሳል። የሚሻለው ሁለተኛው ይመስላል፤ ግን አጥንቱ በእርግጥ ድስት ውስጥ ከገባ ብቻ ነው። አንድ ቀን መረቅ ይሆናል ተብሎ የተቀመጠና በመጨረሻ የተጣለ አጥንት ኪሳራ ነው። ስብም እንደዚሁ ነው፤ የጥብስ ዘይት ወይም ቅቤ ቢቀንስ የቀነሰውን ያህል ይቆጠርለታል።

ቅርጫ

በቅርጫ ስሌቱ የሚጀምረው ከቁም ከብት ነው። ጎረቤቶች ወይም የሥራ ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ከታረደ በኋላ እያንዳንዱ ብልት በየመደቡ ይከፋፈላል። ወርቹም፣ ፍሪምባውም፣ ጎድኑም፣ ሽንጡም በሁሉም መደብ ላይ እንዲገኝ ይደረጋል፤ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ይህ አከፋፈል አጥንትንና ጮማን በአባላቱ መካከል ያደላድላል፤ ሥጋ ቤት የገዛ ሰው የደረሰውን ብልት ብቻ ሲያገኝ፣ የቅርጫ አባል የበሬውን አማካይ ያገኛል ማለት ይቻላል።

የታረደው ሥጋ ከነአጥንቱ ብዙ ጊዜ ከቁም ክብደቱ ግማሽ ገደማ ይሆናል፤ በደንብ የደለበ በሬ ከዚያ ሊያልፍ፣ የከሳ ሊያንስ ይችላል። በቁሙ 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ 150 ኪሎ ቢሰጥና ለአሥር መደብ ቢከፈል ለእያንዳንዱ 15 ኪሎ ይደርሳል። ከነአጥንቱ ካለው ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉ አጥንት፣ ጅማትና የተትረፈረፈ ስብ ሆኖ ቢወጣ ንጹሑ 10 ኪሎ ነው። ሆድ ዕቃው፣ ጭንቅላቱና ቆዳው ለብቻ የሚታዩ ስለሆኑ በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉበትም። ማድለብ ከቁም ክብደቱ የሚገኘውን የሥጋ ድርሻ ቢጨምርም ከጨመረው ከፊሉ ስብ ነው፤ ለቋንጣና ለክትፎ የሚገዛ ቡድን የደለበ በሬ ሲመርጥ ይህን ማሰብ ይኖርበታል።

በግ፣ ፍየልና ዶሮ

በትናንሽ እንስሳት የአጥንት ድርሻ በአብዛኛው ከፍ ይላል፤ በግና ፍየል ግን ብዙ ጊዜ ከነአጥንታቸው ስለሚበስሉ መጠኑ የሚገመተው በቁራጭ ብዛት ነው። ዶሮም ለወጥ በ12 ብልት ተቆርጦ ስለሚሰላ ሚዛን እምብዛም አያስፈልገውም።