ከ6 ወር ጀምሮ ለሕፃናት የሚሰጥ ብረት ያለው ተጨማሪ ምግብ

ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን በማህፀን ሳለ ያከማቸው የብረት ማዕድን እስከ 6 ወር ገደማ ያገለግለዋል። ከዚያ በኋላ ጡት ማጥባቱ ሊቀጥል ይገባል፤ ሆኖም በጡት ወተት ውስጥ ያለው ብረት አነስተኛ በመሆኑ ጉድለቱን የሚሞላው ተጨማሪ ምግብ ነው። እስከ 2 ዓመት አንጎል በፍጥነት ስለሚያድግ፣ በዚህ ዕድሜ የሚከሰት የደም ማነስ በመማር ችሎታ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ዘግይቶ በሚሰጥ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ላይስተካከል ይችላል።

የጤፍ ገንፎ ብረት ቢኖረውም፣ በእህሉ ውስጥ የሚገኘው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ሰውነት ብረቱን በሚገባ እንዳይወስድ ያደርጋል። በመሆኑም በደንብ በስሎ የላመ ሥጋ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል በገንፎው ላይ መጨመር ይመከራል። ጉበትም ይሆናል፤ ነገር ግን ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ሕፃናት ስለማይጾሙ፣ በጾም ወቅት ለሕፃኑ ምግብ የተለየ ትንሽ ድስት ማዘጋጀት ችግሩን ያቃልላል። ሥጋ ካልተገኘ የላመ ምስር ከቲማቲም ጋር ተቀቅሎ፣ ከምግቡም ጋር የተፈጨ ፓፓያ ወይም ብርቱካን ይሰጣል። ሻይ ብረትን ስለሚያግድ ለሕፃን አይሰጥም።

የሕፃኑ መዳፍ ከሌሎች ልጆች መዳፍ ጋር ሲነጻጸር ነጣ ካለ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። ወባና የአንጀት ጥገኛ ትላትልም ደም ስለሚያሳንሱ፣ የብረት መድኃኒት ያለ ምርመራ አይጀመርም።