ድምሩ የሚደብቀው፦ የጭንቅላት ጉዳት ክትትል ቻርት በምዕራብ ጎጃም እና የስቲቨን ግሪን ስንብት

የንቃተ ህሊና መለኪያዎች ታሪክ በሰፊው ተጽፏል፤ እዚህ መድገም አያስፈልግም። ግራሃም ቲስዴል እና ብራያን ጄኔት እ.ኤ.አ. በ1974 በ«ዘ ላንሴት» መጽሔት የግላስጎውን መለኪያ አቀረቡ። ዓለም ተቀበለው፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለ ነርስ ሁሉ «ጂሲኤስ» ሲባል ያውቀዋል። የማዮ ክሊኒኩ ዋይዲክስ በ2005 ተፎካካሪ መለኪያ አቀረቡ፤ ለጽኑ ሕሙማን ክፍል ጥሩ ነው፣ ለእኛ ጉዳይ ግን ብዙ አይጨምርም። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ከአንድ ሰው ጋር ነው። የካሊፎርኒያው የድንገተኛ ሕክምና ሊቅ ስቲቨን ግሪን በ2011 «አናልስ ኦቭ ኢመርጀንሲ ሜዲስን» ላይ የግላስጎው መለኪያ ውስብስብና የማይታመን ስለሆነ እንሰናበተው ብለው ጻፉ። በምትኩ ያቀረቡት ባለ ሦስት ደረጃ የእንቅስቃሴ መለኪያ ነው፦ ትእዛዝ ይፈጽማል፣ ሕመሙን ለይቶ እጁን ይሰዳል፣ ከዚያ በታች።

የግሪን ክስ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዓይን እስከ 4፣ ንግግር እስከ 5፣ እንቅስቃሴ እስከ 6 ስለሚቆጠር 120 ዓይነት ጥምረት ይፈጠራል፤ ድምሩ ግን ከ3 እስከ 15 ባለው ጠባብ መስመር ይጨመቃል። ግሪን ከአሜሪካ የአደጋ መረጃ ቋት የተወሰደ አኀዝ ይጠቅሳሉ፦ ድምሩ 4 ሆኖ ሳለ የሞት መጠኑ ከእንቅስቃሴ 2 ሲመጣ 48 በመቶ፣ ከንግግር 2 ሲመጣ 27 በመቶ፣ ከዓይን 2 ሲመጣ ደግሞ 19 በመቶ ነው። ግሪን ራሳቸው በተሳተፉበት የ2004 ጥናት ሁለት ሐኪሞች አንድን በሽተኛ ለየብቻ ሲለኩ በድምሩ የተስማሙት 32 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ብቻ ነበር።

ይሁንና እነዚህ ሁለት ማስረጃዎች የሚወቅሱት መለኪያውን ነው ወይስ መደመሩን? በዚያው የ2004 ጥናት ሐኪሞቹ በዓይን 74 በመቶ፣ በእንቅስቃሴ 72 በመቶ፣ በንግግር 55 በመቶ ተስማምተዋል። ሦስቱም ከድምሩ የተሻሉ ናቸው። የ48 እና የ19 በመቶው ልዩነትም የሚያስተምረው ሦስቱን ቁጥሮች ለየብቻ መጻፍ እንደሚገባ ነው። ግሪን የሰበሰቡት ማስረጃ ድምሩን ይጥላል፤ እሳቸው ግን መለኪያውን አብረው ጣሉት።

የተዘነጋው ምንጭ ከዚህ ይበልጥ ግልጽ ነው። በ1974ቱ ጽሑፍ ድምር የለም። የጽሑፉ ዓላማ የንቃት መዳከምን ጥልቀትና ቆይታ መከታተል ነበር፤ ቆይታ ደግሞ አንድ ጊዜ ተለክቶ አይታወቅም። በዓመቱ ቲስዴል ከጋልብሬዝና ከክላርክ ጋር ሆነው የክትትል ቻርቱን ራሱን ይዘው ወደ ነርሶች መጽሔት ወደ «ነርሲንግ ታይምስ» ሄዱ። ሐኪሞች ስለ መለኪያው ሲከራከሩ ይህቺን አጭር ጽሑፍ ማንም አያነሳትም። መለኪያው የተሠራው ሌሊቱን ሙሉ አልጋው አጠገብ ለምትቆም ነርስ መሆኑን የምትመሰክረው ግን ይህቺው ጽሑፍ ናት።

ነገሩን በምዕራብ ጎጃም መሬት ላይ አውርደን እንየው። የሚከተለው ለማስረዳት የተቀነባበረ ምሳሌ ነው፤ የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም። በቡሬ አካባቢ ገጠር በሠርግ ላይ ጠብ ተነሥቶ አንድ የሠላሳ ዓመት ገበሬ ቀኝ ጆሮ ግንዱን በሽመል ይመታል። ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ይስታል፣ ከዚያ ይነቃል፣ እየተራመደ ባጃጅ ላይ ወጥቶ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። አፉ አረቄ አረቄ ይሸታል። ከምሽቱ 3፡00 ሲመዘገብ ዓይን 4፣ ንግግር 5፣ እንቅስቃሴ 6፤ የዓይን ብሌኖቹ እኩል ናቸው፣ ለብርሃን ይጠባሉ፤ የልብ ምቱ 88፣ የደም ግፊቱ 120/75።

እዚህ ላይ የእንግሊዙ የናይስ መመሪያ ግልጽ ሥርዓት አለው። ድምሩ 15 እስኪሆን ድረስ በየግማሽ ሰዓቱ መለካት፤ 15 ከሆነ በኋላ ለሁለት ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ፣ ለቀጣዩ አራት ሰዓት በየሰዓቱ፣ ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ። 15 ሆኖ የገባ ሰው «ደህና ነው» ተብሎ እስኪነጋ አይተውም። ከጭንቅላት አጥንት ስር ደም የሚያጠራቅም ሰው በመካከል ሙሉ ንቃት ሊያገኝ ይችላልና።

3፡30 ለውጥ የለም። 4፡00 ላይ ቁጥሮቹ እንዳሉ ናቸው፤ ራሱን ክፉኛ እንዳመመው ይናገራል፣ አንዴ ያስታውካል። 4፡30 ላይ ዓይኑ 4፣ እንቅስቃሴው 6 ሆኖ ንግግሩ 4 ይሆናል። የት እንዳለ ሲጠየቅ «ቤተ ክርስቲያን» ይላል፣ የተሰካለትን ግሉኮስ ነቅሎ ይነሣል። ወንድሙ «ሲስተር፣ ጠጥቶ እኮ ነው፣ ይተኛና ይለቀዋል» ይላል። 5፡00 ላይ ዓይኑን የሚከፍተው ሲጠሩት ብቻ ነው፤ ዓይን 3፣ ንግግር 4፣ እንቅስቃሴ 6፤ የልብ ምት 68፣ የደም ግፊት 138/80። 5፡30 ላይ ዓይን 2፣ ንግግር 3፣ እንቅስቃሴ 5፤ የቀኙ ብሌን ሰፍቷል፣ ለብርሃንም ቀስ ብሎ ነው የሚጠበው፤ የልብ ምት 56።

አሁን የግሪንን መለኪያ በዚህ ቻርት ላይ እናስኪደው። 3፡00፣ 4፡00፣ 4፡30፣ 5፡00፦ በሁሉም «ትእዛዝ ይፈጽማል»፤ ሙሉ ነጥብ። የሚወርደው 5፡30 ላይ ነው፤ ያኔ ብሌኑም ሰፍቷል። በሦስቱ መስመሮች ግን ምልክቱ የታየው ከአንድ ሰዓት በፊት ነው። ሲቲ ስካኑ በኮሪደሩ ማዶ ላለ ሐኪም አንድ ሰዓት ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ከፍኖተ ሰላም በቡሬና በእንጅባራ አድርጎ ባሕር ዳር ለመድረስ ግን ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አምቡላንሱ ወዲያው ተገኝቶ መንገዱም ክፍት ከሆነ ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 2015 ወዲህ መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት እንደማይሆን የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። የባሕር ዳሩ ቀዶ ሐኪም ብሌኑ ከመስፋቱ በፊት በሽተኛውን እንዲያገኘው ከተፈለገ መነሻው 4፡30 ነው።

ሐኪም መጠራት ያለበት መቼ ነው ለሚለውም መልሱ ከዚሁ ይወጣል። የናይስ መመሪያ አስቸኳይ ዳግም ምርመራ ከሚጠይቁት ውስጥ መጀመሪያ የሚያነሳው መቁነጥነጥን ወይም እንግዳ ባሕርይን ነው። ቀጥሎ ለግማሽ ሰዓት የዘለቀ የአንድ ነጥብ ቅናሽ ይመጣል፤ ነጥቡ ከእንቅስቃሴ የወረደ ከሆነ የበለጠ ይከብዳል። በዓይን ወይም በንግግር ሦስት፣ በእንቅስቃሴ ሁለት ነጥብ የወረደ ከሆነ ግማሽ ሰዓት አይጠበቅም። እየበረታ የሚሄድ ራስ ምታት፣ የማያባራ ትውከት፣ የብሌኖች አለመመጣጠን፣ የአንድ ጎን እጅ፣ እግር ወይም ፊት መስነፍም እንዲሁ። የልብ ምት መቀነስና የደም ግፊት መጨመር አብረው ሲመጡ አንጎል እየተጨመቀ ነው፤ ይህ ግን ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ስለሆነ እሱን መጠበቅ ስሕተት ነው። በምሳሌያችን ነርሷ 4፡30 ላይ ሌላ ባልደረባ ጠርታ ታረጋግጣለች፤ የሚያረጋግጥ ሰው ከሌለ ተረኛውን ሐኪም ሳትዘገይ ትጠራለች። የምትለውም «ጂሲኤስ 14 ሆኗል» አይደለም፤ «ንግግሩ ከ5 ወደ 4 ወርዷል፣ እየተቁነጠነጠ ነው፣ አስታውኳል» ነው። ሐኪሙ እስኪደርስ የደም ስኳርና ኦክስጅን ይለካሉ፤ ሁለቱም ሲወርዱ ንቃት ያሳንሳሉና።

አረቄውስ? መልሱ አጭር ነው። ስካር በሰዓታት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል፤ የመጨረሻው መጠጥ ወደ ደም ገብቶ ካለቀ በኋላ በአዲስ ካልጠጣ በቀር እየባሰ አይሄድም። ሦስቱ ቁጥሮች እየወረዱ ከሆነ በሽተኛው የጠጣው ምንም ይሁን ምን ምክንያቱ ጭንቅላቱ ውስጥ እንዳለ ተቆጥሮ መሠራት አለበት።

ንግግርን በተመለከተ ግን ለግሪን አንድ ነገር መተው ተገቢ ነው፤ ከሦስቱ ደካማው እሱ ነው። በእኛ አገር ድክመቱ የራሱ መልክ አለው። የገጠር ገበሬን «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆ ባለማወቁ 4 መስጠት ፈተናውን ማበላሸት ነው። ዛሬ የማን በዓል እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ማን ይዞት እንደመጣ፣ ወሩ ምን እንደሆነ ይጠየቅ። ከአዊ በኩል የመጣ አገውኛ ተናጋሪ ደግሞ ዘመዱ እያስተረጎመ ካልተጠየቀ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ግራ የተጋባ ይመስላል። አስተርጓሚ ካልተገኘ «አልተፈተሸም» ተብሎ ይጻፍ እንጂ 1 አይሰጥ፤ ያበጠ ዓይንና ቱቦ የገባበት ጉሮሮም እንዲሁ። ቲስዴልና ባልደረቦቹ መለኪያው 40 ዓመት ሲሞላው በ2014 ያሳሰቡት ይህንኑ ነው።

ሐኪሞቹ ካልተስማሙ ቻርቱ ምን ይረባል የሚል ይኖራል። የ2004ቱ ጥናት የለካው ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚሰጡትን ቁጥር ነው፤ ቻርቱ የሚጠይቀው አንዷ ነርስ በአንድ ተረኝነት ውስጥ የምታየውን ለውጥ ነው። አደጋው ያለው በርክክብ ሰዓት ሲሆን መፍትሔውም ቀላል ነው፦ ወጪዋና ገቢዋ አልጋው አጠገብ አብረው ይለኩ፣ አንድ ቁጥር ይጻፉ። ሕመም የሚሰጥበትም ቦታ አንድ ይሁን። የትከሻን ጡንቻ መቆንጠጥ ወይም ከቅንድብ በታች ያለውን አጥንት መጫን ይሻላል፤ እጁ ከአንገት አጥንቱ በላይ ከወጣ 5 ነው። ጥፍርን ብቻ ተጭኖ እጁ ወደ ኋላ ሲሸሽ 5 መስጠት የተለመደ ስሕተት ነው።

አንድ ነገር ግን ከግላስጎውም ከካሊፎርኒያም አይመጣም፤ ሰዓቱ። የእኛ 4፡30 ምሽት በሌላው አቆጣጠር 22፡30 ነው። በአንድ ቻርት ላይ የቀኑ ነርስ በአበሻ፣ የማታዋ በፈረንጅ ሰዓት ከጻፉ፣ ሪፈራል ወረቀቱም «ከ4፡30 ጀምሮ» ብቻ ብሎ ከሄደ፣ ተቀባዩ የስድስት ሰዓት ልዩነት ሊያነብ ይችላል፤ የአንድ ሰዓቱ መበላሸት በሰባት ሰዓት ቀስ ብሎ የመጣ ይመስለዋል። ጥንቃቄ ልጨምር፦ እዚህ የቀረበው አንድ የተቀነባበረ ምሳሌ ነው፤ ብዙ ቻርቶች ተሰብስበው ቢታዩ መልካም ነው። ሙግቱ ግን ያንን አይጠብቅም።

ስለዚህ የክትትል ቻርትና የሪፈራል ወረቀት የምታሳትሙ ክፍሎች ሁሉ፣ ለጂሲኤስ አንድ ሳጥን አትተዉ። ለዓይን፣ ለንግግርና ለእንቅስቃሴ ሦስት ሳጥን፣ ለብሌኖች ሁለት፣ ከአጠገባቸው የመጨረሻው ልክ የተወሰደበት ሰዓትና የሰዓት አቆጣጠሩ ዓይነት፤ ድምሩ ከነጭራሹ ባይኖር ምንም አይጎድልም።