የዋጋ ንረት ሂሳብ አያያዝ

የዋጋ ንረት ሂሳብ አያያዝ ማለት ገንዘብ የመግዛት አቅሙን በፍጥነት በሚያጣበት ጊዜ፣ በድርጅት የሂሳብ መግለጫ ላይ ያሉትን ቁጥሮች በዓመቱ መጨረሻ ባለው የመግዛት አቅም መልሶ የመግለጽ ዘዴ ነው።

በተለመደው አሠራር ዕቃም ሆነ ሕንፃ በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው በተገዛበት ዕለት በተከፈለው ገንዘብ ነው፤ ይህም ታሪካዊ ወጪ ይባላል። ደረሰኝ ስላለው ለማረጋገጥ ይቀላል። የዋጋ ንረት ሲበረታ ግን የዓምናውን ብርና የዘንድሮውን ብር እኩል አቅም እንዳላቸው አድርጎ ስለሚቀናንስ፣ ያልተገኘ ትርፍ እንደተገኘ ያሳያል።

## ታሪካዊ ወጪ እንዴት ያሳስታል

ለምሳሌ አንድ ነጋዴ በዓመቱ መጀመሪያ በ1,000,000 ብር ካፒታሉ 1,000 ቆርቆሮ ገዛ እንበል፤ የአንዱ ዋጋ 1,000 ብር ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሁሉንም እያንዳንዳቸውን በ1,400 ብር ሸጠ። በዚሁ ዓመት አጠቃላይ የዋጋ ኢንዴክስ ከ100 ወደ 150 ወጣ። ሌሎች ወጪዎችን እንተዋቸው።

በታሪካዊ ወጪ ሽያጩ 1,400,000 ብር፣ የዕቃው ወጪ 1,000,000 ብር፣ ትርፉም 400,000 ብር ነው። ነጋዴው ከዚህ ላይ 30 በመቶ፣ ማለትም 120,000 ብር፣ ግብር ከፍሎ ቀሪውን 280,000 ብር ለኑሮው ቢያወጣ በእጁ የሚቀረው 1,000,000 ብር ነው። በመዝገቡ ካፒታሉ አልተነካም። የቆርቆሮ መግዣ ዋጋ ከአጠቃላዩ ንረት ጋር እኩል ጨምሮ 1,500 ብር ከገባ ግን በዚህ ገንዘብ የሚገዛው 666 ቆርቆሮ ብቻ ነው። አንድ ሦስተኛው ካፒታል በግብርና በወጪ መልክ ወጥቷል፤ የሂሳብ መግለጫው ግን ይህን አያሳይም።

አንድ ድርጅት በየዓመቱ ትርፍ እያስመዘገበ ያንኑ ያህል ዕቃ ለመተካት በየጊዜው መበደር ካስፈለገው፣ የዚህ ችግር ምልክት ሊሆን ይችላል።

## መልሶ መግለጽ

ማስተካከያው የሚሠራው በሚከተለው ስሌት ነው፦

የተስተካከለ መጠን = የተመዘገበው መጠን × የዓመቱ መጨረሻ ኢንዴክስ ÷ በተመዘገበበት ቀን የነበረው ኢንዴክስ

በምሳሌው የዕቃው ወጪ 1,000,000 × 150 ÷ 100 = 1,500,000 ብር ይሆናል። ሽያጩ የተፈጸመው በዓመቱ መጨረሻ ስለሆነ አይለወጥም። ስለዚህ ውጤቱ የ400,000 ብር ትርፍ ሳይሆን የ100,000 ብር ኪሳራ ነው።

ሁሉም ሂሳብ በዚህ መንገድ አይስተካከልም። ጥሬ ገንዘብ፣ ተሰብሳቢና ብድር ገንዘብ ነክ ይባላሉ፤ መጠናቸው በብር የተወሰነ በመሆኑ በዓመቱ መጨረሻ ባሉበት ይቆያሉ። ዕቃ፣ ሕንፃ፣ መሣሪያና ካፒታል ግን ገንዘብ ነክ ያልሆኑ ስለሆኑ በኢንዴክሱ ይባዛሉ።

ጥሬ ገንዘብ ይዞ የቆየ ድርጅት የመግዛት አቅም ያጣል፤ ባለዕዳ ደግሞ ዕዳውን በረከሰ ብር ስለሚከፍል ያተርፋል። ከላይ ያለው ነጋዴ ከ1,000,000 ብሩ 400,000ውን ያገኘው ያለ ወለድ በተሰጠ ብድር ቢሆን ኖሮ፣ የዕዳው ጥቅም 400,000 × 150 ÷ 100 − 400,000 = 200,000 ብር ይሆን ነበር። ከ100,000 ብር ኪሳራው ጋር ሲቻቻል እውነተኛው ትርፍ 100,000 ብር ነው። በተለመደው መግለጫ ግን ሁለቱም ሁኔታዎች ያው 400,000 ብር ትርፍ ያሳያሉ።

## ዓለም አቀፍ ደረጃ

ዘዴውን የሚደነግገው እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 29 ነው። አንድ ኢኮኖሚ ከባድ ንረት ውስጥ መግባቱን ከሚያመለክቱት ነገሮች አንዱ የሦስት ዓመት ድምር ንረት ወደ 100 በመቶ መጠጋቱ ወይም ማለፉ ነው። ይህም በየዓመቱ 26 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ሌላው ምልክት ሕዝቡ ሀብቱን በውጭ ምንዛሪ ወይም ገንዘብ ባልሆነ ንብረት መያዝ መምረጡ ነው። ደረጃው ያለፈው ዓመት የንጽጽር ቁጥሮችም በአዲሱ የመግዛት አቅም እንዲገለጹ ያዛል።

አርጀንቲና እ.ኤ.አ. ከ2018፣ ቱርክ ከ2022 ጀምሮ በዚህ መደብ ተቆጥረዋል። ታላላቅ ዓለም አቀፍ የኦዲት ድርጅቶች ኢትዮጵያንም በ2022 መጨረሻ በዚሁ መድበዋት ነበር።

## ገደቦች

ማስተካከያው የሚጠቀመው አጠቃላይ ኢንዴክስን ስለሆነ የአንድን ዕቃ የገበያ ዋጋ አይናገርም። ቆርቆሮ ከሌላው ዕቃ በላይ ቢወደድ፣ የተስተካከለው ወጪም ዕቃውን ለመተካት ከሚያስፈልገው ያንሳል። የተስተካከለው ቁጥር ከንብረቱ በአገልግሎት ወይም በሽያጭ ሊገኝ ከሚችለው ከበለጠም ዝቅ መደረግ አለበት። ኢንዴክሱ ራሱ ንረቱን አሳንሶ ካሳየ የተስተካከለው መግለጫም ያንኑ ስሕተት ይወርሳል። በመጨረሻም የግብር ሕግ ማስተካከያውን ካልተቀበለ፣ በምሳሌው ያለው ነጋዴ ኪሳራውን ቢያውቅም 120,000 ብሩን መክፈሉ አይቀርም።