የግላስጎ የንቃት መለኪያ፦ በጭንቅላት ጉዳት የክትትል ቅጽ ላይ ምን ይጻፋል?

የግላስጎ የንቃት መለኪያ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ምን ያህል ነቅቶ እንዳለ በዓይኑ፣ በንግግሩና በእጅ እግሩ እንቅስቃሴ አይቶ በቁጥር የሚመዘግብ የምርመራ ዘዴ ነው። ሐኪሞችና ነርሶች በዕለት ተዕለት ሥራቸው «ጂሲኤስ» እያሉ ይጠሩታል። ስሙን ያገኘው ከስኮትላንዷ ግላስጎ ከተማ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ግራሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት የተባሉ በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ነበሩ።

የውጭው ስም «ግላስጎ ኮማ ስኬል» ነው። «ኮማ» የሚለውን ወስዶ «የሰመመን መለኪያ» ማለት ግን ያሳስታል፤ በሐኪም ቤት ሰመመን ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ለቀዶ ሕክምና የሚሰጠው ማደንዘዣ ነው። መለኪያውም ራሱን የሳተን ሰው ብቻ አይለካም። ከፍተኛው ቁጥር 15 የሚሰጠው ፍጹም ነቅቶ ለሚነጋገር ሰው ነው። «ንቃተ ህሊና» የሚለው ደግሞ በአማርኛ ከፖለቲካዊና ከማኅበራዊ ግንዛቤ ጋር ተቆራኝቷል። ስለዚህ «የንቃት መለኪያ» የተሻለ ስያሜ ነው። ቁጥሮቹ በየሰዓቱ የሚሰፍሩበት ወረቀት ደግሞ «የክትትል ቅጽ» ሊባል ይችላል።

መለኪያው ሦስት ክፍሎች አሉት። በዓይን ረገድ ሰውየው ማንም ሳይቀሰቅሰው ዓይኑን ከከፈተ 4፣ ሲጠሩት ከከፈተ 3፣ ጣቱን ጫን ሲሉት ከከፈተ 2፣ ጭራሽ ካልከፈተ 1 ይጻፋል። በንግግር ረገድ ስሙን፣ ያለበትን ቦታና ወሩን በትክክል የሚናገር 5 ያገኛል። ዓረፍተ ነገር እየሠራ የሚዘባርቅ 4፣ ነጠላ ቃላት ብቻ የሚወረውር 3፣ የሚያቃስት 2፣ ድምፅ የሌለው 1 ነው። በእንቅስቃሴ ረገድ የታዘዘውን የሚፈጽም 6 ይሰጠዋል፤ አንገቱና ትከሻው መካከል ያለው ጡንቻ ሲቆነጠጥ እጁን ወደዚያው አንሥቶ ለመከላከል የሚሞክር 5፣ ከጫናው ክንዱን ፈጥኖ የሚያሸሽ 4፣ ክንዱን በዝግታና ባልተለመደ አኳኋን ወደ ደረቱ የሚያጥፍ 3፣ ክንዱ ከክርኑ ላይ የሚገተር 2፣ ምንም የማይንቀሳቀስ 1። ዝቅተኛው ድምር በዚህ ምክንያት 3 ነው፤ ዜሮ የሚባል ነገር የለም።

ትእዛዝ መፈጸሙን ለማየት «እጄን ጨብጥ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ከባድ የአንጎል ጉዳት ያለበት ሰው መዳፉ ውስጥ የገባውን ነገር ሳያውቀው ሊጨብጥ ይችላል። ከጨበጠ በኋላ «ልቀቅ» ሲባል መልቀቁም ይታያል፤ ወይም ምላሱን እንዲያወጣ ይጠየቃል። ሁለቱ እጆች የተለያየ ምላሽ ከሰጡ በመለኪያው ላይ የሚጻፈው የተሻለው ነው። የደከመው እጅ ጉዳይ በቅጹ ላይ ራሱን ችሎ በተለየ ረድፍ ይመዘገባል። ይህች ትንሽ ደንብ ከታች በሚነገረው ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላት።

ሊለካ ያልቻለ ነገር 1 ተብሎ አይሞላም። ዓይኑ አብጦ የተዘጋ ሰው ዓይኑን አለመክፈቱ ስለ አንጎሉ የሚናገረው ነገር የለም፤ የመተንፈሻ ቱቦ ጉሮሮው ውስጥ የገባለት ሰውም መናገር አይችልም። በእነዚህ ሁኔታዎች በቦታው «አልተለካም» ተብሎ ምክንያቱ ይጻፋል፤ ድምርም አይሠራም።

የንግግሩ ክፍል አማርኛ ተናጋሪዎችን በቀጥታ የሚነካ ችግር አለው። በለንደን ወይም በዋሽንግተን ድንገተኛ ክፍል የተኛች አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት «ወሩ ማን ነው?» ስትባል «ነሐሴ»፣ «ዓመቱስ?» ስትባል ደግሞ ፈረንጆቹ ከሚቆጥሩት ስምንት ዓመት ያነሰ ቁጥር ልትመልስ ትችላለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይም «ሁለት ሰዓት ነው» ትላለች፤ የግድግዳው ሰዓት ግን ስምንትን ያሳያል። አእምሮዋ ፍጹም ደህና ሆኖ ሳለ «ትዘባርቃለች» ተብሎ 4 ሊሰጣት ነው። ተቃራኒው ስሕተት የባሰ ነው። ቋንቋዋን የማይረዳ ሰው በእርግጥ ስትዘባርቅ እየሰማ «በቋንቋዋ እያወራች ነው» ብሎ 5 ሊሰጣት ይችላል። አስተርጓሚ ወይም ቤተሰብ ተገኝቶ የመጀመሪያው ልኬት በምታውቀው ቋንቋና በምትቆጥረው ዘመን ካልተወሰደ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ መነሻ የለውም። በአገር ቤትም አማርኛ ለማይናገር ታካሚ ነገሩ ያው ነው።

መነሻ ያስፈለገበት ምክንያት ቅጹ አንድን ቁጥር ሳይሆን የቁጥርን ጉዞ የሚያሳይ በመሆኑ ነው። በእንግሊዝ አገር ናይስ የተባለው የጤና ተቋም በሚያወጣው መመሪያ መሠረት ሆስፒታል የተኛ የጭንቅላት ተጎጂ 15 እስኪደርስ ድረስ በየግማሽ ሰዓቱ ይለካል። 15 ከደረሰ በኋላ ለሁለት ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ፣ ቀጥሎ ለአራት ሰዓት በየሰዓቱ፣ ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ ይታያል። በመካከል ከወረደ ክትትሉ ወደ ግማሽ ሰዓት ይመለሳል። ከንቃቱ ጎን የዓይን ብሌኖች ስፋትና ለብርሃን የሚሰጡት ምላሽ፣ የእጅና የእግር ጉልበት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ አተነፋፈስ፣ የሰውነት ሙቀትና በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይመዘገባሉ።

ከሞተር ሳይክል ወድቆ በቀኝ ጆሮ ግንዱ የተመታ የ24 ዓመት ወጣት ለምሳሌ ይታሰብ። ሲወድቅ ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ስቶ ነበር፤ ሐኪም ቤት ሲደርስ ግን ነቅቶ ይነጋገራል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ዓይን 4፣ ንግግር 5፣ እንቅስቃሴ 6፣ ድምር 15 ተባለ። ብሌኖቹ ሁለቱም 3 ሚሊ ሜትር ሆነው ለብርሃን ፈጥነው ይጠባሉ። የልብ ምቱ 88፣ የደም ግፊቱ 125/80 ነው። 2፡30 ላይ ምንም አልተለወጠም። 3፡00 ላይ ቁጥሩ 15 ቢሆንም «ራሴን አሞኛል፣ እየባሰብኝ ነው» አለ። 3፡30 ላይ ተኝቶ ተገኘ፤ ሲጠሩት ዓይኑን ከፈተ፣ ተናገረ፣ ታዘዘ፤ ነገር ግን ወዲያው መልሶ ጨፈነ። ዓይን 3፣ ድምር 14።

ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ሌሊት በመሆኑ «እንቅልፍ ነው» ይባላል፤ መጠጥ ጠጥቶ ከሆነም «ስካሩ ነው»። ጤናማ እንቅልፍ የተኛ ሰው ግን ሲቀሰቀስ ነቅቶ ይቆያል፤ በመሆኑም ታካሚው በደንብ እንዲነቃ ተደርጎ ነው የሚለካው። መጠጥም ቢሆን ጊዜ ሲሄድ ንቃቱ ይጨምራል እንጂ አይወርድም። መጠጥ የጠጣ ሰው ቁጥር ሲያሽቆለቁል መታሰብ ያለበት አንጎሉ እንጂ ብርጭቆው አይደለም።

4፡00 ላይ ወጣቱ ሁለት ጊዜ አስታውኳል። ሲጠሩት ዓይኑን ይከፍታል፣ ያለበትን ቦታ ግን «ቤቴ ነው» ይላል። ዓይን 3፣ ንግግር 4። ቀኝ እጁ ጨብጦ ይለቃል፤ በመሆኑም እንቅስቃሴው 6፣ ድምሩ 13 ነው። 13 ቀላል ጉዳት ከሚባለው ክልል ውስጥ የሚወድቅ ቁጥር ነው። ሌሎቹ ረድፎች ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ፦ ግራ እጁ ደክሟል፤ የቀኝ ዓይን ብሌኑ 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ በዝግታ ይጠባል፤ የግራው 3 እንደሆነ አለ። የልብ ምቱ 62፣ የደም ግፊቱ 150/85 ሆኗል።

በጆሮ ግንድ ሥር የሚያልፍ የደም ሥር ሲቀደድ ደሙ በራስ ቅሉና በአንጎሉ ውጫዊ ሽፋን መካከል ይጠራቀማል። ወጣቱ በመጀመሪያ ነቅቶ ያወራው ደሙ ገና ቦታ ስላልጠበበው ነው። የራስ ቅል አይለጠጥም፤ ትርፍ ቦታው ካለቀ በኋላ ጥቂት ደም ሲጨመር እንኳ ግፊቱ በእጅጉ ይንራል። የተገፋው አንጎል ብሌንን የሚያጠበውን ነርቭ ይጫነዋል፤ በጉዳቱ ወገን ያለው ብሌን የሚሰፋው ለዚህ ነው። የሚደክመው እጅ በተቃራኒው በኩል የሚሆነው ደግሞ የቀኝ አንጎል ግራ እጅን ስለሚያዝ ነው። የልብ ምት ዝግታ፣ የደም ግፊት መጨመርና የአተነፋፈስ መዛባት ዘግይተው የሚመጡ ምልክቶች ናቸው። እነሱ ተሟልተው እስኪታዩ የሚጠብቅ ሰው ጊዜውን አሳልፏል።

በናይስ መመሪያ መሠረት ሐኪም ወዲያው ተጠርቶ ታካሚውን እንደገና እንዲያየው የሚያደርጉት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ድንገተኛ መቅበጥበጥ ወይም ያልተለመደ ጠባይ፤ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት የቆየ የአንድ ነጥብ መውረድ፣ በተለይ ከእንቅስቃሴው ክፍል ከሆነ፤ በዓይን ወይም በንግግር የሦስት፣ በእንቅስቃሴ የሁለት ነጥብ መውረድ፤ ብርቱ ወይም እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ የማያቋርጥ ትውከት፤ እንዲሁም የብሌኖች መበላለጥ ወይም የፊትና የእጅ እግር አንድ ወገን መድከም። ወጣቱ 3፡00 ላይ ራስ ምታቱ እየባሰ መሄዱን ሲናገር ድምሩ 15 ቢሆንም ለጥሪ በቂ ምክንያት ነበረው። 4፡00 ላይ ደግሞ አብዛኞቹ ምልክቶች ተገናኝተዋል። መውረዱን ሁለተኛ ባለሙያ ቢያረጋግጠው መልካም ነው፤ ማረጋገጫው የሚያዘገይ ከሆነ ግን ጥሪው ይቀድማል።

በስልክ «ታካሚው 13 ነው» ማለት ለተቀባዩ ሐኪም ብዙም አይነግረውም። «ከ15 በሁለት ሰዓት ውስጥ ወርዶ ዓይን 3፣ ንግግር 4፣ እንቅስቃሴ 6 ሆኗል፤ ቀኝ ብሌኑ ሰፍቷል፣ ግራ እጁ ደክሟል፣ ሁለት ጊዜ አስታውኳል» ሲባል ግን ሲቲ ስካኑም የቀዶ ሕክምና ቡድኑም ሳይዘገዩ መዘጋጀት እንዳለባቸው ይገባዋል። ጥሪው የተደረገበት ሰዓት፣ የተጠራው ሰውና የተሰጠው ትእዛዝ በዚያው ቅጽ ላይ ይጻፋሉ። እስከዚያው ድረስ መተንፈሻው ይጠበቃል፣ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ልኬቱም ሐኪሙ እስኪደርስ አይቋረጥም።

ቅጹን ለተረኛ የሚያስረክብ ነርስ ከተቀባዩ ጋር ሆኖ ታካሚው አልጋ አጠገብ አንድ ጊዜ አብሮ ይለካ። አንዱ 5 ያለውን ሌላው 4 የሚለው ከሆነ ልዩነቱ የሚታወቀውና የሚታረመው በዚያች ደቂቃ ነው።