ቃል የሌለው ዜማ፦ ለጋራ ጽሞና የሚሆን ዝማሬ በጋምቤላ

የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች በጋምቤላ ከተማ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ጥቂት ደቂቃ በጽሞና ሊቆዩ ቢፈልጉ፣ ምን ዓይነት ዜማ ይስማማቸዋል? የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ እንደሚያሳየው ከክልሉ ነዋሪ 70 በመቶ ገደማው ፕሮቴስታንት ነበር፤ የቀረው ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ካቶሊክና የአባቶቹን እምነት የያዘ ነበር። ስለዚህ አዘጋጅ አስቀድሞ የሚጠነቀቀው የአንዱ ሃይማኖት መዝሙር በሌላው ላይ እንዳይጫን ነው። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ ጋምቤላ ውስጥ ግን የከበደው ችግር ሌላ ይመስለኛል። እዚያ ዜማን ወገንተኛ የሚያደርገው ከሃይማኖቱ ይልቅ ቋንቋውና የድምፁ ባለቤት ናቸው።

ግጥሙ ስለ ሰላምና ስለ ምሕረት ብቻ ቢናገርም በአንድ ቋንቋ መዘመሩ አይቀርም። አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ ለብዙ አኙዋኮችና ኑዌሮች ግን የቢሮና ከደጋ የመጣ ሰው ቋንቋ ነው። ሁለቱ ሕዝቦች በመሬትና በሥልጣን በተጋጩበት ክልል ደግሞ በኑዌርኛ ቢዘመር አኙዋኩ፣ በአኙዋክኛ ቢዘመር ኑዌሩ ራሱን እንደ እንግዳ ሊቆጥር ይችላል። በ1940 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የተመሠረተው የቴዜ ማኅበር ከብዙ አገር ለሚመጡ ክርስቲያኖች አጫጭር ስንኞችን በላቲን እየደጋገመ ያዘምራል፤ ላቲን የማንም የዕለት ቋንቋ ስላልሆነ ሁሉንም እኩል ያደርጋል። ጋምቤላ ውስጥ ይህን የሚተካ ቋንቋ የለም። ግዕዝ ወዲያው ቤተ ክርስቲያንን፣ ዓረብኛ ወዲያው መስጊድን ያስታውሳል። ስለዚህ ቃሉን መተው ይቀላል።

ቃሉ ሲወጣ ዜማው ባዶ ይሆናል የሚል ስጋት ይነሳል። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ጥናት አለ። ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ በ2001 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባሳተሙት ጥናት 23 ጤናማ ሰዎች የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ ከዚያም የዮጋ ማንትራ እንዲደጋግሙ አድርገው ትንፋሻቸውንና የልብ ምታቸውን ለኩ። በዕረፍት ላይ ያለ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል፤ በሁለቱም ድግግሞሽ ግን ትንፋሹ በደቂቃ ወደ 6 ወረደ። ትምህርታቸው የማይገናኝ ሁለት ጸሎቶች አካል ላይ ተመሳሳይ ውጤት ያመጡት አንዱ ሐረግ 10 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ ነው። መንፈሳዊ ትርጉሙን ይህ አይነካውም፤ ዜማ የሚሠራ ሰው ግን የሚይዘውን መለኪያ ያገኛል።

በዚህ መለኪያ ለአዳራሹ አንድ ዜማ እንሥራ። የአኙዋኮች ቶም በእንጨት ሳጥን ላይ የተደረደሩ የብረት ምላሶች ያሉት፣ በአውራ ጣት የሚመታ መሣሪያ ነው፤ አጭር ዙር ያለማቋረጥ እየደጋገሙ ለመጫወት ይመቻል። ምቱ በሰከንድ አንድ ይሁን፤ ዙሩም አምስት ምት። ሁለት ዙር 10 ሰከንድ ይሞላል። በመጀመሪያዎቹ አራት ምቶች ሰዉ ዝም ብሎ አየር ያስገባል፤ በቀሪዎቹ ስድስት አፉን ዘግቶ አንድ ዝቅ የሚል ድምፅ ያንጎራጉራል። ዜማው ከሦስት ድምፅ ባይበልጥ ይመረጣል፤ አዲስ የመጣ ሰው በሁለተኛው ድግግሞሽ ሊገባበት ይገባል።

እንዲህ ያለ ዜማ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በመፋጠን ነው። ሰው ዜማውን ሲለምደው ያፋጥነዋል፤ ከበሮ ከተጨመረ ደግሞ እግር ይነሳል፣ ጽሞናው ወደ ጭፈራ ይሄዳል። የሰዎች ትከሻ ከፍ ዝቅ ማለት ከጀመረ ወይም በማንጎራጎሩ መካከል አየር የሚስቡ ከበዙ ስድስቱ ምት ረዝሞባቸዋል ማለት ነው፤ ያኔ ወደ አምስት መቀነስ እንጂ ማስገደድ አያስፈልግም። በተለይ አረጋውያንና የመተንፈሻ ሕመም ያለባቸው በራሳቸው ልክ እንዲተነፍሱ አስቀድሞ ይነገራቸው።

በገና ለምን አይሆንም የሚል ይኖራል። በአሥሩ ጅማትና በድልድዩ መካከል የሚገቡት ቁርጥራጭ ቆዳዎች፣ እንዚራዎቹ፣ የሚያወጡት እርጋታ ያለው ንዝረት በአገሪቱ ካሉት ድምፆች ይበልጥ ለተመስጦ የተመቸ ነው፤ መሣሪያውም ከማሕሌት ይልቅ የግል ጸሎት መሣሪያ ነው። ሆኖም ጋምቤላ ውስጥ በገና የሰማ ሰው የኦርቶዶክስን ዐቢይ ጾም ያስባል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አብዛኞቹ የፒያኖ ሥራዎችም ቃል የላቸውም፤ ቅኝታቸው ግን የደጋውን ጆሮ ይጠራል። ቃል አልባነት ብቻውን ገለልተኛነትን አይሰጥም ማለት ነው።

ቶምም ከዚህ ፍርድ አያመልጥም፤ የአኙዋክ ድምፅ ነው። የዜማውን ወገን ለማወቅ ከመዝሙሩ በኋላ ተሳታፊዎቹን ለየብቻ «ማን ትዝ አለህ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ መልሱ በብዛት አንድ ሕዝብ ወይም አንድ ቤተ እምነት ከሆነ ዜማው አልተሳካም። ቶሙን አኙዋክ ሲመታ ማንጎራጎሩን ኑዌር ወይም መዠንግር እንዲጀምረው ማድረግ ይሞከር። ይህም ካላስማማ መሣሪያው ወጥቶ ዜማው በሰው ድምፅ ብቻ ይቀጥል፤ ምቱን አንድ ሰው በእጁ ጉልበቱን ቀስ ብሎ እየመታ ይጠብቀዋል።