እውነትና ሐሰት ከምክንያት ጋር፦ በኩልፎ ወንዝ ምሳሌ የፈተና ጥያቄን እንደገና መጻፍ

አጠቃሎ

ይህ መጣጥፍ የ«እውነት ወይም ሐሰት» ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚከሽፍበትን ምክንያት ይመረምራል። ጉድለቱ በዋናነት ከሁለቱ ምርጫዎች ሳይሆን ለፍርድ ከሚቀርበው ዓረፍተ ነገር እንደሚመነጭ ይከራከራል። በአርባ ምንጭና አካባቢዋ የሚማር ተማሪ የሚያውቀውን የኩልፎን ወንዝ ይዞም አንድን የማስታወስ ጥያቄ ደረጃ በደረጃ ወደ ምክንያታዊ ጥያቄ ይለውጣል። በመጨረሻም አዲሱ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚመዘንበትን መንገድና ወሰኑን ያሳያል።

1. ጉድለቱ የት ነው?

«የሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ትክክል ከሆኑ እውነት፣ ትክክል ካልሆኑ ሐሰት በማለት መልሱ» የሚለውን ትእዛዝ ያላነበበ የኢትዮጵያ ተማሪ አይገኝም። መምህሩ ጥያቄውን በፍጥነት ያወጣል፤ ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍልም በፍጥነት ያርማል። ብዙዎች የሚተቹት ተማሪው ሳያውቅ ነጥብ ሊያገኝ ስለሚችል ነው። ትችቱ መሠረት አለው። 10 ጥያቄ የቀረበለት ተማሪ አንዱንም ሳያነብ ቢመልስ 5 እና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ 62 በመቶ ነው፤ 7 እና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ደግሞ 17 በመቶ ነው። ስለዚህ 10 የእውነት/ሐሰት ጥያቄ ብቻ ይዞ «ግማሽ ያገኘ አልፏል» የሚል መምህር ዕውቀትን ከዕድል መለየት አይችልም።

ይሁን እንጂ በግምት የሚገኘው ነጥብ የችግሩ ግማሽ ብቻ ነው። ጥያቄዎቹ ሲበዙ የዕድል ድርሻ ይቀንሳል፦ በ50 ጥያቄ 35 እና ከዚያ በላይ በግምት ብቻ ማግኘት ከሺህ ተማሪ ለሦስቱ ያህል የሚደርስ ነገር ነው። አሜሪካዊው የፈተና ምሁር ሮበርት ኢበል በ1970 እ.ኤ.አ. የዚህን ዓይነት ጥያቄ ደግፎ ሲጽፍ ከተመረኮዘባቸው ነጥቦች አንዱ ይህ ነበር። ቁጥር በማብዛት የማይድነው ሌላው ግማሽ ነው፦ ተማሪው ያወቀውን እንዴት እንዳወቀ ጥያቄው አይነግረንም።

ሦስት ልማዶች ይህን ጉድለት ያባብሳሉ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሩን ከመማሪያ መጽሐፍ እንዳለ መገልበጥ ነው። «የኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይገባል» የሚል ጥያቄ ተማሪው ያንን ዓረፍተ ነገር ማየቱን ወይም በወንዙ አጠገብ ማደጉን ይለካል፤ ወንዝ ለምን ወደዚያ እንደሚፈስ ማወቁን አይለካም። ሁለተኛው እውነት የሆነውን ዓረፍተ ነገር «አይ…ም» በማስገባት ሐሰት ማድረግ ነው። ይህ የንባብ ወጥመድ ይሆናል፤ ጂኦግራፊውን የሚያውቅ ተማሪ አሉታዊውን ግሥ ሳያስተውል ነጥብ ያጣል። ሦስተኛው ራሳቸውን የሚያጋልጡ ቃላትን መጠቀም ነው። «ኩልፎ የሚሞላው ሁልጊዜ በከተማዋ ሲዘንብ ብቻ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ያየ ፈተና የለመደ ተማሪ «ሁልጊዜ» እና «ብቻ» ሐሰትን እንደሚጠቁሙ ስለሚያውቅ ስለ ወንዙ ሳያስብ ይመልሳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን «ሐሰት» ብሎ ትክክል የመለሰ ተማሪ ዓረፍተ ነገሩ ስህተት መሆኑን እንጂ ትክክለኛው ምን እንደሆነ ማወቁን አላሳየም። «የአባያ ውሃ ከጫሞ ይልቅ ደፍርሶ የሚታየው ጥልቅ ስለሆነ ነው» ለሚለው «ሐሰት» ያለ ተማሪ ድፍርሱ ከውሃው ጋር ተንሳፍፎ ከሚቀር ደቃቅ ደለል መሆኑን ሊያውቅ ይችላል። ጨው ነው ብሎም ሊያምን ይችላል። በመልስ ወረቀቱ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው።

2. ከማስታወስ ወደ ምክንያት፦ አንድ ጥያቄ በእርምጃ

አንድ የእውነት/ሐሰት ጥያቄ ምክንያትን የሚለካው ሁለት ነገር ሲያሟላ ነው። ተማሪው ቀደም ሲል ካላነበበው ሁኔታ ተነሥቶ ወደ ድምዳሜ እንዲደርስ ማስገደድ አለበት፤ የተጓዘበትንም መንገድ ማሳየት አለበት።

የመጀመሪያው እርምጃ ከዓረፍተ ነገሩ ጀርባ ያለውን መርህ መፈለግ ነው። «ኩልፎ ወደ ጫሞ ይገባል» ከሚለው ጀርባ ያለው መርህ ወንዝ ከተፋሰሱ የተጠራቀመ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ የሚወስድ መሆኑ ነው። ኩልፎ ከከተማዋ በስተምዕራብ ካለው ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ፣ ከተማዋን ነክቶ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል ይወርዳል። ስለዚህ በታች ያለው ሰው የሚያየው የወንዝ መጠን በላይ በጣለው ዝናብ ይወሰናል። ተማሪው የሚፈተነው ይህን በማወቁ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ መርሁ የሚሠራበት አዲስ ሁኔታ መስጠት ነው፦

ሁኔታ፦ በሚያዝያ ወር አንድ ቀን በአርባ ምንጭ ከተማ ዝናብ አልጣለም። በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ከከተማዋ በስተምዕራብ ባለው የጋሞ ደጋ፣ በኩልፎ ተፋሰስ፣ ከባድ ዝናብ ጣለ።

ድምዳሜ፦ በዚያው ዕለት ኩልፎ በከተማዋ በኩል ሲያልፍ ሊሞላና ሊደፈርስ ይችላል። (እውነት / ሐሰት)

ሦስተኛው እርምጃ ምክንያቱን ማስመረጥ ነው፦

ሀ. የወንዙን መጠን የሚወስነው ከላይ በተፋሰሱ የሚጥለው ዝናብ ስለሆነ።
ለ. የጫሞ ሐይቅ ውሃ ሽቅብ ወደ ወንዙ ስለሚመለስ።
ሐ. ወንዝ የሚሞላው ዝናቡ በጣለበት ቦታ ብቻ ስለሆነ።
መ. የደጋ ዝናብ በሙሉ ወደ መሬት ሰርጎ ስለሚቀር።

ነጥብ የሚሰጠው «እውነት» እና «ሀ» አብረው ሲገኙ ብቻ ነው። አውስትራሊያዊው የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ዴቪድ ትሬገስት በ1988 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ባለሁለት እርከን ፈተና የተመሠረተው በዚሁ አሠራር ላይ ነው። የምርጫዎቹ አመጣጥ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። «ለ»፣ «ሐ» እና «መ» ከመምህሩ ምናብ ከተፈጠሩ ደካማ ይሆናሉ። መምህሩ አስቀድሞ ያንኑ ጥያቄ በክፍት መልክ «ለምን?» ብሎ ጠይቆ ተማሪዎቹ የጻፉትን የተሳሳተ ምክንያት ቢወስድ ግን እያንዳንዱ ምርጫ ክፍል ውስጥ በእውነት የሚኖር አስተሳሰብ ይሆናል።

ሁለቱ የተሳሳቱ ምክንያቶች ለ«ሐሰት»፣ አንዱ ደግሞ ከትክክለኛው ጋር ለ«እውነት» እንዲስማሙ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። ለ«እውነት» የሚስማማው ምክንያት አንድ ብቻ ቢሆን ተማሪው የመጀመሪያውን መልስ ከምርጫዎቹ ገጽታ ያነብበዋል። ፍጹም በዘፈቀደ ለሚመልስ የማግኘት ዕድሉ ከስምንት አንድ ነው፤ መልሱንና ምክንያቱን ለሚያጣጥም ብልህ ገማች ግን ከአራት አንድ ነው። በዚህ ዓይነት 10 ጥያቄ ብልሁ ገማች 5 እና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ 8 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ቀደም ሲል ከነበረው 62 በመቶ ጋር ይነጻጸር።

አራተኛው እርምጃ ከዚያው ሁኔታ ሌሎች ድምዳሜዎችን ማውጣት ነው። አንድ ጥያቄ ብቻውን ሲቀር ተማሪው «የደጋ ዝናብ ወንዝ ይሞላል» የሚለውን እንደ ቀመር ሸምድዶ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይጨመራሉ፤ ለእነዚህም «እውነት»፣ «ሐሰት» ወይም «በተሰጠው መረጃ አይታወቅም» የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ይቀርባሉ፦

• በዚያው ዕለት ኩልፎ በእርግጥ ዳርቻውን ጥሶ ይወጣል።
• ዝናቡ የጣለው ከሐይቆቹ ማዶ በአማሮ ተራሮች ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ዝናብ ኩልፎን በከተማዋ በኩል ይሞላው ነበር።

የመጀመሪያው መልስ «አይታወቅም» ነው። ወንዙ ዳርቻውን መጣሱ በዝናቡ መጠንና ቆይታ፣ መሬቱ ቀድሞ በመራሱ፣ በተፋሰሱ ባለው ደንና እርከን ይወሰናል፤ ሁኔታው ግን እነዚህን አልነገረንም። ተማሪው «ሊሞላ ይችላል» እና «በእርግጥ ይጥሳል» በሚሉት ድምዳሜዎች መካከል ያለውን ልዩነት ማየት ይኖርበታል። ሁለተኛው ሐሰት ነው፤ አማሮ ከሐይቆቹ በስተምሥራቅ ስለሆነ ዝናቡ ወደ ኩልፎ ተፋሰስ አይደርስም። «ተራራ ላይ ከዘነበ ወንዝ ይሞላል» ብሎ የሸመደደ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ የተፋሰስን ወሰን የተረዳ ግን ያልፋል።

3. መሥራቱ እንዴት ይታወቃል?

ከእርማት በኋላ መምህሩ መልሶቹን በአራት ይመድባል፦ መልስም ምክንያትም ትክክል፤ መልስ ትክክል ምክንያት ስህተት፤ መልስ ስህተት ምክንያት ትክክል፤ ሁለቱም ስህተት። ብዙ የሚያስተምረው ሁለተኛው ምድብ ነው፤ በተለመደው ጥያቄ ሙሉ ነጥብ ይወስዱ የነበሩት ተማሪዎች እዚያ አሉ። ብዙዎቹ «ለ»ን ከመረጡ ቀጣዩ ትምህርት ወንዝ በስበት ወደ ታች ስለመፍሰሱ መሆን አለበት። ሦስተኛው ምድብ ከተጨናነቀ ግን ስህተቱን ከተማሪው በፊት በጥያቄው አጻጻፍ መፈለግ ይገባል።

ጥያቄው ጠንካራውን ተማሪ ከደካማው መለየቱ ደግሞ በቀላል ቁጥር ይታያል። ለማሳያ ያህል፣ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል በጠቅላላ ውጤታቸው ከላይ 16፣ ከታች 16 ወረቀት ይወሰድ። አንድን ጥያቄ ከላይኞቹ 14፣ ከታችኞቹ 13 ካገኙት ልዩነቱ 1 ለ16፣ ማለትም 0.06 ነው፤ ጥያቄው ማንንም አልለየም። 12 እና 4 ቢሆን ልዩነቱ 0.50 ይሆናል፤ ይህ ሊቀመጥ የሚገባው ጥያቄ ነው። ከላይኞቹ ይልቅ ከታችኞቹ የሚበዙት ካገኙት መምህሩ አስቀድሞ የመልስ ቁልፉን ይመርምር።

4. ወሰኑ

እንደገና የተጻፈው ጥያቄ ረዥም ነው፤ ርዝመቱ ደግሞ የቋንቋ ፈተና ሊሆን ይችላል። በጋሞ ዞን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ሲሆን የብዙ ተማሪ አፍ መፍቻ ግን ጋሞኛ ነው። የተፋሰስን ጽንሰ ሐሳብ የተረዳ ልጅ በዓረፍተ ነገሩ ውስብስብነት ቢወድቅ የለካነው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ሁኔታው በሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይቀመጥ፤ አዳዲስ ቃላት በጥያቄው ብቻ አይግቡ፤ በአንድ ድምዳሜም ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች አይታጨቁ። በዚህ ረገድ ከላይ ያለው «ሊሞላና ሊደፈርስ» ራሱ መሻሻል ይችላል፤ ለታችኛው ክፍል «ሊሞላ» ብቻውን ይበቃል።

የጊዜው ዋጋም ይታሰብ። 20 አጫጭር ጥያቄ የሚሸፍነውን ይዘት 6 ወይም 7 ባለምክንያት ጥያቄ አይሸፍንም። የፈተናው ዓላማ ተማሪው ብዙ መረጃ መያዙን ማየት ከሆነ በጥንቃቄ የተጻፈ አጭር እውነት/ሐሰት አሁንም ቦታ አለው። ባለምክንያቱ መመደብ ያለበት ለምዕራፉ ዋና መርሆች ነው።

የመጨረሻው ጥንቃቄ ከፈተናው በኋላ ያለውን ቀን ይመለከታል። ቶፒኖና ብሮቺን በ1989 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ በፈተና ላይ የቀረቡ ሐሰተኛ ዓረፍተ ነገሮች በኋላ ለተማሪዎች ይበልጥ እውነት ይመስላሉ። ደጋግሞ የተነበበ ነገር የተለመደ ይሆናል፤ የተለመደውም በቀላሉ ይታመናል። «የጫሞ ውሃ ሽቅብ ይመለሳል» የሚለውን ያነበበ ተማሪ እርማት ሳያገኝ ከቀረ ፈተናው ራሱ ያሳሳተው ይሆናል። በመሆኑም ወረቀቱ ሲመለስ መምህሩ እያንዳንዱን ሐሰተኛ ምክንያት ስሙን ጠርቶ ለምን እንደማያስኬድ ማስረዳት አለበት፤ ይህን ለማድረግ ጊዜ የሌለው መምህር ሐሰተኛ ዓረፍተ ነገሮችን ባይጽፍ ይሻላል።