«ሽያጭ በማስታወቂያ ብር»፦ ሮአስን ትርፍ አንበለው

ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ በማስታወቂያ መቆጣጠሪያው ገጽ ላይ ROAS የሚል ዓምድ ያያል። በአፍ «ሮአስ» ይባላል። ከማስታወቂያው የመጣው ሽያጭ ማስታወቂያው ለበላው ገንዘብ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው፤ 50,000 ብር አውጥቶ 200,000 ብር የሸጠ ሰው ሮአሱ 4 ነው። ይህን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። የሚያናድደኝ የወጣለት ስም ነው። በየሥልጠናውና በየሪፖርቱ «የማስታወቂያ ትርፍ» እየተባለ ነው፤ ይህ ስም ደግሞ ሰው ያከስራል።

ትርፍ የ«ተረፈ» ልጅ ነው። ትራፊ፣ ተረፈ ምርት፣ ትርፍ ጊዜ፦ ሁሉም ሌላው ከተነሣ በኋላ የቀረውን ይናገራሉ። ነጋዴም «ተረፈኝ» የሚለው የዕቃው መግዣ፣ መጓጓዣውና ደላላው ሁሉ ተቀንሶ እጁ ላይ የቀረውን ነው። ሮአስ ግን ከሽያጩ ላይ አንድ ሳንቲም አይቀንስም። ቦርሳ ሻጭ ለቆዳው፣ ለሰፊው፣ ለሞተረኛው ገና ያልከፈለበትን ገንዘብ ትርፍ ማለት አማርኛው ጠንቅቆ የለየውን ነገር መልሶ መደባለቅ ነው።

ሁለተኛው ተፎካካሪ «የማስታወቂያ ወጪ ተመላሽ» ነው። ቃል በቃል የተተረጎመ ነውና ትክክል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በንግድ አማርኛ ተመላሽ ሌላ ሥራ ይዟል። ተመላሽ ገንዘብ አለ፤ ደንበኛ አልፈልግም ብሎ የሚመልሰው ተመላሽ ዕቃም አለ። በአንድ ሪፖርት ላይ «ተመላሽ 4» እና «ተመላሽ 6 ቦርሳ» ተከታትለው ሲመጡ አንዱ ደስታ፣ ሌላው ሐዘን መሆኑን አንባቢ በምን ይለያል? ሦስተኛው «የማስታወቂያ ሽያጭ ምጣኔ» ነው። የወለድ ምጣኔ እንደምንለው ምጣኔ ለቁጥሩ ጥሩ ቃል ነው። ችግሩ «የማስታወቂያ ሽያጭ» ለሬዲዮና ለጋዜጣ ሰዎች የአየር ሰዓትና ገጽ መሸጥ ማለት መሆኑ ነው።

እኔ የምመርጠው «ሽያጭ በማስታወቂያ ብር» ነው። ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ኩንታል በሄክታር እንላለን፤ ይህም በዚያው መንገድ የተሠራ ነው። 4 ሲባል አንድ የማስታወቂያ ብር የአራት ብር ሽያጭ አመጣ ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ ሽያጭ መሆኑን ስለሚናገር ትርፍ ነው ብሎ የሚሳሳት አይኖርም። ዋሽንግተን ያለው ነጋዴ «በማስታወቂያ ዶላር» ይበለው።

ይህ ቁጥር ብቻውን ደግም ክፉም አይደለም፤ አጠገቡ «ከመቶ ስንት ይተርፋል?» የሚለው መቆም አለበት። ለዚህ «የትርፍ ኅዳግ» የሚባለውን አልቃወምም፤ በጽሑፍ ውስጥ ገብቷል። ሁለቱን የሚያገናኘውን ቁጥር ግን «ዋና መመለሻ» እለዋለሁ። «ዋናውን እንኳ አልመለሰም» የገበያ ሰው የዘወትር አነጋገር ስለሆነ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልገንም። ስሌቱም ቀላል ነው፤ 100ን ከመቶ ለሚተርፈው ማካፈል። ከመቶ 35 የሚተርፈው ሰው ዋና መመለሻው 2.86 ነው። ከመቶ 15 ብቻ ለሚተርፈው የስልክ ዕቃ ሻጭ 6.67 ይሆናል። ስለዚህ ያው 4 ለአንዱ ትርፍ፣ ለሌላው ኪሳራ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የቆዳ ቦርሳ በ5,000 ብር የሚሸጥ ሰው እናስብ። ቆዳውና ስፌቱ 3,000፣ ካርቶኑና ሞተረኛው 250 ብር ይፈጃሉ። 1,750 ይቀራል፤ ከመቶ 35 ማለት ነው። በወር 50,000 ብር አስተዋውቆ 40 ትእዛዝ መጣለት፤ ሽያጭ በማስታወቂያ ብር 4። ከ2.86 በላይ ስለሆነ «ስኬል እናድርገው» ይባላል። ስኬል ማድረግ በቀጥታ አማርኛ በጀቱን ማስፋት ነው።

ከማስፋት በፊት ግን 4 እውነት 4 መሆኑ ይጣራ። ብዙው ግብይት በቴሌግራምና በስልክ አልቆ ገንዘቡ ዕቃው ሲደርስ ስለሚከፈል፣ የተቆጠረው ትእዛዝ እንጂ ሽያጭ አይደለም። ከ40ዎቹ 6ቱ ሞተረኛው ሲደርስ ስልክ ባያነሡ ወይም ሐሳባቸውን ቢቀይሩ 34 ቦርሳ፣ 170,000 ብር ይቀራል። የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ነጋዴ ደግሞ በሌላ ሰው ካርድ ያስከፍላል፤ ኮሚሽኑ ከመቶ 10 ከሆነ 50,000ው 55,000 ይሆናል፤ ገጹ ይህን አያውቅም። 170,000 ለ55,000 ሲካፈል 3.09 ነው። በገንዘብ ስናየው፦ ከ34ቱ ቦርሳ የተረፈው 59,500፣ ከዚያ 55,000 ማስታወቂያ፣ በከንቱ ለተመላለሰው ዕቃ ደግሞ 1,500 ሲነሣ 3,000 ብር ይቀራል። የሱቅ ኪራይና የባለቤቱ ድካም ገና አልተቆጠሩም።

አሁን በጀቱ እጥፍ ሆነ እንበል። ማስታወቂያው መጀመሪያ የሚያገኘው ለመግዛት የተዘጋጀውን ሰው ነው፤ ብሩ ሲጨመር የቀዘቀዘ ፍላጎት ያለው ይመጣል፤ የቀድሞውም ያንኑ ምስል ደጋግሞ ያያል። ስለዚህ ትእዛዙ 80 ሳይሆን 66 ሆነ፤ 10ሩ ተመልሶ 56 ቦርሳ ተሸጠ። ገጹ አሁንም 3.3 ያሳያል፤ ከ2.86 በላይ ነውና ማንም አይደነግጥም። አማካይ ግን ሸፋኝ ነው። የጭማሪውን ለብቻው ስንቆጥረው አዲሱ 55,000 ብር ያመጣው 22 ቦርሳ፣ 110,000 ብር ነው፤ የጭማሪው ሽያጭ በማስታወቂያ ብር 2 ብቻ። ወሩ የሚዘጋው በ14,500 ብር ኪሳራ ነው።

ለዚህ ነው የማስፋት ውሳኔ በጠቅላላው ቁጥር ሳይሆን በጭማሪው መወሰን ያለበት። በጀቱን በአንዴ እጥፍ ከማድረግ ይልቅ ከመቶ 20 ገደማ እየጨመሩ፣ ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላም ትእዛዙ ደርሶ ገንዘቡ እስኪገባ እየጠበቁ፣ የጨመረውን ሽያጭ ለጨመረው ወጪ ማካፈል ነው። ውጤቱ ወደ ዋና መመለሻ ሲጠጋ መቆም። ተመላልሶ የሚገዛ ደንበኛ ያለው፣ ለምሳሌ ቡና ሻጭ፣ በመጀመሪያው ግዢ ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ቦርሳ ግን በየወሩ አይገዛም።

ለቦርሳ ሻጩ ደግሞ ከማስፋት የሚሻል መንገድ አለ። ከመላኩ በፊት ደውሎ ቢያረጋግጥ፣ ትንሽ ቀብድም ቢቀበልና ተመላሹ ከ6 ወደ 2 ቢወርድ፣ በዚያው የማስታወቂያ ወጪ 38 ቦርሳ ይሸጣል። ከ66,500 ላይ 55,000 ማስታወቂያውና ለሁለቱ ተመላሽ 500 ሲነሣ በ3,000 ፋንታ 11,000 ብር ይተርፈዋል። ይህኛው በእውነት ትርፍ ይባላል።